ማንኛውንም ክፍል ማክሰር የሚችል ሠንጠረዥ

በብዙ ድርጅቶች ወር ሲዘጋ ከፋይናንስ ክፍል የሚወጣ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ አለ። ኪራዩን፣ የጥበቃና የጽዳት ክፍያውን፣ የሰው ኃይልና የሒሳብ ሠራተኞችን ደመወዝ፣ የዋና ሥራ አስኪያጁን ጽሕፈት ቤት ወጪ አንድ ላይ ሰብስቦ ለሥራ ክፍሎች ያከፋፍላል። ማካፈያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ የሠራተኛ ብዛት፣ የወለል ስፋትና ሽያጭ። ከሠንጠረዡ አናት ላይ በቢጫ የተቀቡ ሦስት ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ማካፈያ ስንት በመቶ እንደሚመዝን የሚጻፈው እዚያ ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ከታች ያለው የየክፍሉ ትርፍና ኪሳራ ወዲያው አብሮ ይለወጣል። ይህ እንደ ልብ መቀያየር መቻሉ የሠንጠረዡ ትልቁ ጥንካሬ ተደርጎ ይታያል። የጋራ ወጪ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ካልተከፋፈለ የክፍሎች እውነተኛ ትርፍ አይታወቅም፣ ሦስቱን ማካፈያዎች አመዛዝኖ መጠቀም ደግሞ ለሁሉም ፍትሐዊ ነው የሚለው እምነት በሒሳብ ሰዎችም በሥራ አስኪያጆችም ዘንድ ሥር ሰዷል። እምነቱ የተሳሳተ ነው። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ የትኛው ክፍል እንደሚያተርፍ አይነግረንም፤ የሚነግረን ቢጫዎቹን ሴሎች የሞላው ሰው ምን እንደመረጠ ነው። በዚያ ምርጫ ደግሞ ክፍሎች ይዘጋሉ፣ ኃላፊዎች ይነሳሉ፣ ሠራተኞች ይቀነሳሉ።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ክፍሎች ያሉት አንድ የመኪና ድርጅት እናስብ፤ የመለዋወጫ መሸጫ፣ ጋራዥና የመኪና ኪራይ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ አወቃቀራቸው ግን በእንዲህ ዓይነት ድርጅት የሚጠበቅ ነው። መለዋወጫው በወር 6 ሚሊዮን ብር ይሸጣል፤ የዕቃ መግዣውንና የራሱን ሠራተኞች ደመወዝ ሲከፍል 700 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ጋራዡ 2 ሚሊዮን ያስገባና 550 ሺህ ይተርፈዋል። ኪራዩም 2 ሚሊዮን አስገብቶ 400 ሺህ ያስቀራል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ወጪ ሸፍኖ ለድርጅቱ የሚያስረክበውን ይህን ገንዘብ መዋጮ እንበለው። የሦስቱ መዋጮ ሲደመር 1,650,000 ብር ነው። የጋራ ወጪው 1,200,000 ስለሆነ ድርጅቱ በወር 450 ሺህ ብር ያተርፋል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም፤ ደረሰኝና የደመወዝ መክፈያ ያለው ቁጥር ነው። ክርክሩ የሚነሳው 1,200,000ውን ማን ይሸከም ሲባል ነው።

ከ40ዎቹ የክፍሎቹ ሠራተኞች 24ቱ በጋራዡ፣ ስምንት ስምንቱ በሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ናቸው እንበል። በሠራተኛ ብዛት ከተካፈለ ጋራዡ 720 ሺህ ብር ይደርስበትና 170 ሺህ ይከስራል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ያተርፋሉ። በሽያጭ ከተካፈለ መለዋወጫው 60 በመቶውን ይሸከምና 20 ሺህ ይከስራል፤ ቅድም ከሳሪ የነበረው ጋራዥ አሁን 310 ሺህ አትራፊ ነው። የወለል ስፋትን ብንወስድ ሕንፃው 1,000 ካሬ ሜትር ሆኖ ጋራዡ 650ውን፣ መለዋወጫው 250ውን፣ ኪራዩ 100ውን ቢይዙ ጋራዡ 230 ሺህ ይከስራል። ነገር ግን የኪራይ መኪኖቹ የሚያድሩበት 600 ካሬ ሜትር ግቢም አለ፤ እሱ ለኪራይ ክፍሉ ይቆጠር ከተባለ ጠቅላላ ስፋቱ 1,600 ይሆንና ኪራይ ክፍሉ 525 ሺህ ብር ተሸክሞ 125 ሺህ ይከስራል፤ ጋራዡ ደግሞ 62,500 ብር አትራፊ ይሆናል። ልብ እንበል፤ ሦስቱም ክፍሎች በተራቸው ከሳሪ ሆነዋል። በአራቱም ስሌት ግን የድርጅቱ ትርፍ ያው 450 ሺህ ብር ነው። አንድም መኪና ተጨማሪ አልተጠገነም፣ አንድም ዕቃ አልተሸጠም። የተለወጠው ኪሳራው የተጻፈበት ክፍል ብቻ ነው።

እንግዲህ ችግሩ አንድ ማካፈያ ብቻ መጠቀም ነው፣ ሦስቱን ብናዋሕዳቸው ይስተካከላል የሚል መልስ ይመጣል። የተለመደው ሠንጠረዥም የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። የጋራ ወጪው ጠቅላላ በ`B20`፣ የሠራተኛ ብዛት በ`C`፣ ስፋት በ`D`፣ ሽያጭ በ`E` ዓምድ፣ ሦስቱ ክብደቶች ከ`H2` እስከ `H4` ቢቀመጡ ለአንድ ክፍል በ`F` ዓምድ የሚጻፈው ፎርሙላ ይህን ይመስላል፤

```
=$B$20*($H$2*C5/SUM($C$5:$C$7)
       +$H$3*D5/SUM($D$5:$D$7)
       +$H$4*E5/SUM($E$5:$E$7))
```

ግቢው ሳይቆጠር ክብደቱን ለሠራተኛ 40፣ ለስፋት 40፣ ለሽያጭ 20 በመቶ ብንሰጥ የጋራዡ ድርሻ 54 በመቶ፣ ማለትም 648 ሺህ ብር ይሆናል፤ ጋራዡ 98 ሺህ ይከስራል። ከሠራተኛውና ከስፋቱ አሥር አሥር ነጥብ ቀንሰን ለሽያጩ ብንጨምር፣ ማለትም 30፣ 30 እና 40 ብናደርገው፣ ድርሻው ወደ 546 ሺህ ይወርድና ጋራዡ 4 ሺህ ብር ያተርፋል። በኪሳራና በትርፍ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሦስት ቁጥሮችን መንካት ብቻ ሆነ። 40፣ 40፣ 20 ከ30፣ 30፣ 40 ለምን እንደሚሻል ወይም እንደሚያንስ ከሒሳብ መዝገቡ ውስጥ የሚገኝ ማስረጃ የለም። ማስረጃ የሌለውን ነገር የሚወስነው ስብሰባ ላይ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ሰው ይሆናል።

ይህ ድክመት በቀላሉ የማይታየው ሠንጠረዡ በስሌት ረገድ እንከን ስለማይገኝበት ነው። ጥንቁቅ ሒሳብ ሠራተኛ ክብደቶቹ ተደምረው 100 መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ 95 ቢሆኑ 60 ሺህ ብር የትም ሳይጻፍ ይቀራልና። የዶላር ምልክት ተረስቶ ፎርሙላው ወደ ታች ሲቀዳ ማጣቀሻው አብሮ እንዳይንሸራተት ያያል። በመጨረሻም `=SUM(F5:F7)-$B$20` የሚል ማመሳከሪያ ሴል ያስቀምጥና ዜሮ ሲያይ ሥራው አለቀ ይላል። እነዚህ ፍተሻዎች ተገቢ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቅድም በተራቸው ሦስቱን ክፍሎች ያከሰሩት አራት ስሌቶች ሁሉ ይህን ፈተና ያልፋሉ። ዜሮው የሚመሰክረው ወጪው ሳይሸራረፍ መከፋፈሉን ነው፤ ለማን መድረስ እንደነበረበት አይመሰክርም። አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁር አርተር ቶማስ በ1969 ባሳተመው ጥናት ያነሳው ነጥብ ይኸው ነበር። የጋራ ወጪ አከፋፈል ትክክለኛነቱን የምናረጋግጥበትም ሆነ ስሕተትነቱን የምናሳይበት ውጫዊ መመዘኛ የለውም። ሊስተባበል የማይችል ቁጥር ደግሞ ውሳኔ ሊቆምበት አይገባም።

ከሦስቱ ማካፈያዎች እጅግ የከፋው ሽያጭ ነው። ብዙ የሸጠ ብዙ ይሸከም፣ አቅም አለውና፣ የሚለው አባባል ለጆሮ ደግ ይመስላል። ነገር ግን የመለዋወጫው ሽያጭ ከ6 ሚሊዮን ወደ 7 ሚሊዮን ቢያድግ የሕንፃው ኪራይ አይጨምርም፣ የዘበኞቹ ቁጥርም አይጨምርም። ሠንጠረዡ ግን ድርሻውን ከ60 ወደ 63.6 በመቶ ያሳድግና 43,600 ብር ገደማ ይጨምርበታል፤ ያን ያህሉ ገንዘብ ምንም ካልሠሩት ከጋራዡና ከኪራዩ ላይ እኩል ይቀነሳል። በዚያ ተጨማሪ ሚሊዮን ላይ መለዋወጫው 100 ሺህ ብር አትርፎ ቢሆን ከትርፉ 44 በመቶ ገደማው ለጎረቤቶቹ ሄደ ማለት ነው። በተቃራኒው የጋራዡ ገቢ በግማሽ ቢወርድ የመለዋወጫው ሸክም ከ720 ሺህ ወደ 800 ሺህ ያድጋል። የመለዋወጫው ኃላፊ በገዛ ሥራዋ ምንም ሳታጠፋ በሌላው ክፍል ድክመት 80 ሺህ ብር ትቀጣለች፤ የደከመው ክፍል ደግሞ ሸክሙ ከ240 ሺህ ወደ 133 ሺህ ወርዶለት ውድቀቱ በከፊል ይሸፈንለታል። ሽያጭ የጋራ ወጪን አያመጣም፤ የጋራ ወጪውን የመሸከም አቅም እንጂ የወጪው ምክንያት አይደለም። እውነት ከሽያጭ ጋር የሚሄዱ ወጪዎች፣ ለምሳሌ የሻጭ ኮሚሽን ወይም ባንክ ከካርድ ክፍያ ላይ የሚቆርጠው፣ ቀድሞውንም የክፍሉ ቀጥተኛ ወጪዎች ናቸውና በጋራ ቋት ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሠንጠረዡ ለመዝጋት ውሳኔ ሲቀርብ ነው። በሠራተኛ ብዛት የተሠራውን ሪፖርት ያየ ቦርድ በየወሩ 170 ሺህ የሚከስር ጋራዥ ለምን እንይዛለን ብሎ ቢዘጋው ምን ይከተላል? 550 ሺህ ብር መዋጮ ይቀራል። የተጫነበት 720 ሺህ ግን አብሮት አይሄድም፤ የኪራይ ውሉ ይቀጥላል፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ያው ነው፣ ኦዲተሩም ያው ነው። ጥቂት የአስተዳደር ሠራተኞችና ሌሎች ትናንሽ ወጪዎች ቢቀነሱ 150 ሺህ ይድናል እንበል። የድርጅቱ ትርፍ ከ450 ሺህ ወደ 50 ሺህ ያሽቆለቁላል። የቀረው 1,050,000 ብር የጋራ ወጪ ደግሞ እኩል ሠራተኛ ላላቸው ለሁለቱ ክፍሎች 525 ሺህ፣ 525 ሺህ ሆኖ ሲካፈል ኪራዩ 125 ሺህ ከሳሪ ሆኖ ይወጣል፤ ባለፈው ወር 160 ሺህ ያተርፍ የነበረው ያው ክፍል። በዚያው አስተሳሰብ እሱም ቢዘጋና የጋራ ወጪው ባይቀነስ መለዋወጫው ብቻውን ቀርቶ ድርጅቱ በወር 350 ሺህ ብር ይከስራል። እንዲህ ያለው ቁልቁለት ከገበያ የመጣ አይደለም። ሦስቱም ክፍሎች የራሳቸውን ወጪ ሸፍነው ይተርፋቸው ነበር፤ ያፈረሳቸው የማይቀር ወጪን የሚቀር አስመስሎ ያሳየ አከፋፈል ነው።

ታዲያ ምንም አናከፋፍል ማለት አይደለም። ወጪ ለክፍል መጻፍ ያለበት ክፍሉ የሚጠቀመው መጠን ቢለወጥ ወጪውም የሚለወጥ ሲሆን ነው፤ ያን ማሳየት ካልተቻለ ባለበት፣ በራሱ ስም ይቀመጥ። ይህን ለማድረግ ጠቅላላውን 1,200,000 ብር በአንድ ቋት ማየት መተው ያስፈልጋል። ሦስቱን ማካፈያዎች ያዋሐደው ፎርሙላ ትልቁ ጥፋት ኪራይንም በሽያጭ፣ የኦዲት ክፍያንም በካሬ ሜትር ማከፋፈሉ ነው። ወጪውን ስንበትነው ኪራይ 600 ሺህ፣ ጥበቃና ጽዳት 120 ሺህ፣ የሰው ኃይልና ደመወዝ ዝግጅት 130 ሺህ፣ ሒሳብና ኦዲት 200 ሺህ፣ የሥራ አስኪያጁ ጽሕፈት ቤት 150 ሺህ ሆኖ አገኘነው እንበል። የግቢው ጥያቄ ስብሰባ አይፈልግም፤ የኪራይ ውሉ ይመልሰዋል። ውሉ ለሕንፃው 450 ሺህ፣ ለግቢው 150 ሺህ ብር ለይቶ ካስቀመጠና በግቢው የሚያድሩት የኪራይ መኪኖች ብቻ ከሆኑ የግቢው 150 ሺህ የኪራይ ክፍሉ ነው። ሕንፃው በካሬ ሜትር 450 ብር ሆኖ ለመለዋወጫው 112,500፣ ለጋራዡ 292,500፣ ለኪራዩ 45 ሺህ ይደርሳል። የሰው ኃይል ወጪው በሠራተኛ ብዛት 26 ሺህ፣ 78 ሺህና 26 ሺህ ይሆናል። ጥበቃና ጽዳት፣ ሒሳብና የሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ በድምሩ 470 ሺህ ብር፣ ሳይከፋፈል ከታች ይጻፋል። እንግዲህ መለዋወጫው 561,500፣ ጋራዡ 179,500፣ ኪራዩ 179 ሺህ ብር አስተርፈው በድምሩ 920 ሺህ ያስረክባሉ፤ 470 ሺህው ሲቀነስ ያው 450 ሺህ ይገኛል። በዚህ ሪፖርት ላይ ከሳሪ ክፍል የለም፤ በድርጅቱም ውስጥ የለም።

የሠራተኛ ብዛት እንኳ በጥንቃቄ ካልተያዘ የክርክር በር ይከፍታል። በጋራዥ ቋሚ መካኒክ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ፣ ሙያ ለመልመድ የገባ ረዳት አለ። ቆጠራው በወሩ መጨረሻ ቀን ከሆነ ኃላፊው ጊዜያዊ ሠራተኞቹን በ28 አሰናብቶ በ2 መመለስ ይችላል። ይህ እየሆነ መሆኑን ለማወቅ የደመወዝ መክፈያውን ስም ዝርዝር ከሠንጠረዡ ቁጥር ጋር ማመሳከር በቂ ነው፤ በወሩ ውስጥ የተከፈላቸው ሰዎች ከተቆጠሩት በየወሩ የሚበልጡ ከሆነ ማካፈያው እየተሸረሸረ ነው። መድኃኒቱ የሦስት ወር አማካይን መያዝና ቆጠራውን ከደመወዝ መዝገቡ መውሰድ እንጂ ከኃላፊዎች መጠየቅ አይደለም።

ከተቃራኒ ወገን የሚነሳው ጠንካራ ሙግት የሰው ጠባይን የሚመለከት ነው። ሰው ያልከፈለበትን ነገር ያባክናል፤ የጋራ ወጪው ካልተጫነበት የክፍል ኃላፊ ቢሮ ያስፋፋል፣ ሠራተኛ ይደራርባል ይባላል። የሒሳብ ምሁሩ ጄሮልድ ዚመርማን በ1979 ይህንኑ ሐሳብ አጠናክሮ አቅርቦት ነበር፤ አከፋፈሉ እንደ ግብር ይሠራል፣ ኃላፊዎች የሚያባክኑትን ነገር እንዲቆጥቡ ያደርጋል ብሎ። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ ግን የሚደግፈው የእኔን አቋም ነው። ግብር ቁጠባን የሚያመጣው ከፋዩ አጠቃቀሙን ሲቀንስ ክፍያው የሚቀንስ ከሆነ ብቻ ነው። ጋራዡ 50 ካሬ ሜትር ቢመልስ 22,500 ብር የሚቀነስለት ከሆነ ቦታ ለመመለስ ምክንያት አለው። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጪ በሽያጭ ሲጫንበት ግን ሊቀንስ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽያጩን። ከዚህም በላይ በተግባር የወጣው ወጪ ሙሉ በሙሉ ለክፍሎች ሲተላለፍ ወጪውን ያወጣው የአስተዳደር ክፍል ተጠያቂነት ይጠፋል። የሰው ኃይል ክፍሉ በ130 ሺህ ፋንታ 180 ሺህ ቢያወጣ በተለመደው ሠንጠረዥ 50 ሺህው ሦስቱ ክፍሎች ላይ ተበትኖ ይረሳል። በዓመቱ መጀመሪያ በጸደቀው በጀት መሠረት በአንድ ሠራተኛ 3,250 ብር ተብሎ ታሪፉ ከተቆረጠ ግን ክፍሎቹ ያንኑ ይከፍላሉ፤ ተጨማሪው 50 ሺህ ባወጣው ክፍል ስም ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ቁጠባ የሚፈልግ ሰው ሊደግፈው የሚገባው ይህን ነው።

ሁለተኛው ሙግት የዋጋ ነው። የጋራ ወጪው ካልተደመረበት ዋጋ አውጪው ከወጪ በታች ይሸጣል ይላሉ። ይህ የሚያሰጋው የጋራ ወጪው እንዲረሳ ስንፈቅድ ነው፤ ከታች በጉልህ የተጻፈው 470 ሺህ ብር ግን አይረሳም። ለእያንዳንዱ ክፍል በዓመቱ ሊያስረክብ የሚገባው የመዋጮ ግብ ይሰጠዋል፤ ግቦቹ ተደምረው የጋራ ወጪውንና የሚፈለገውን ትርፍ መሸፈን አለባቸው። ይህ ድርድር ነው፤ ልዩነቱ ድርድር መሆኑ በግልጽ መነገሩና የወጪ ስሌት ልብስ አለመልበሱ ነው። በሽያጭ የተከፋፈለ ወጪን ለዋጋ መነሻ ማድረግ ደግሞ በራሱ ላይ ይዞራል፤ ዋጋ ሲጨመር ሽያጩ በብር ያድጋል፣ ሽያጩ ሲያድግ የሚጫነው ወጪ ያድጋል፣ ወጪው ሲያድግ ዋጋው እንደገና ይጨመራል። ገበያው ደግሞ የዘይት ቅያሪ ዋጋን የሚወስነው ከጎን ባለው ጋራዥ ዋጋ እንጂ በእኛ ካሬ ሜትር አይደለም።

በጊዜ ረገድ የሚነሳውን ተቃውሞ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ። ዛሬ የማይቀር የሚመስለው ወጪ በሦስት ዓመት ውስጥ ይቀራል፤ ውል ያልቃል፣ ቢሮ ይቀየራል፣ ስለዚህ ረዥሙን ጊዜ ላሰበ ወጪ ሁሉ መከፋፈል አለበት ይላል። እውነት ነው፣ የኪራይ ውል የሚታደስበት ቀን የጋራዡ 650 ካሬ ሜትር ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ጋራዡን ብንተወው 292,500 ብር ኪራይና 78 ሺህ የሰው ኃይል ወጪ፣ በድምሩ 370,500 ብር ይድናል እንበል፤ የሚቀረው መዋጮ 550 ሺህ ስለሆነ ጋራዡ ይቆያል። አከራዩ የሕንፃውን ኪራይ በእጥፍ ካሳደገው ግን የጋራዡ ቦታ ብቻ 585 ሺህ ይሆናል፤ ከሰው ኃይሉ ጋር 663 ሺህ ከ550 ሺህ ይበልጣል። ያኔ ጋራዡ እዚያ ቦታ ላይ እውነት ከሳሪ ነው፤ ወደ ከተማ ዳር መውጣት ወይም መዘጋት ይገባዋል። ይህን መልስ ያገኘነው ወጪውን ምክንያቱን ተከትለን ስለጻፍነው ነው። ሁሉንም ወጪ ያደባለቀው ሠንጠረዥ ኪራይ ሳይጨምርም ጋራዡን ሲያከስር ስለነበር እውነተኛው አደጋ ሲመጣ የሚለይበት ድምፅ የለውም።

ሕግና ደረጃ ያስገድደናል የሚሉም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሚከተሉ ድርጅቶች የማምረቻ የጋራ ወጪን በምርት ክምችት ዋጋ ውስጥ ማካተት አለባቸው፤ ስለ ክምችት የሚደነግገው ደረጃ ግን ቋሚውን የማምረቻ ወጪ በመደበኛ የማምረት አቅም ልክ እንዲከፋፈል ይጠይቃል፣ የአስተዳደርና የሽያጭ ወጪን ደግሞ ያስወጣል። ማለትም የሥራ አስኪያጁን ቢሮ በየክፍሉ በትኑ አይልም። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋሙ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለተደነገገ፣ ለጋሾችም የጋራ ወጪ ድርሻ በጽሑፍ ስለሚጠይቁ፣ የወጪ ማከፋፈያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋቸዋል። ይዘጋጅላቸው። ነገር ግን ለተቆጣጣሪ የሚቀርብ ስሌት የራሱ ደንብ ያለው የተለየ ሰነድ ነው። ስሕተቱ ያንኑ ወረቀት አንሥቶ የትኛው ክፍል ይዘጋ፣ ማን ይሾም ለሚል ውሳኔ ማቅረብ ነው።

የሚስተካከሉት ሴሎች ግን ሙሉ በሙሉ ይጥፉ አልልም። በጀት በሚዘጋጅበት ወር፣ ማንም የዓመቱን ውጤት ሳያውቅ፣ የግቢው ኪራይ ቢለወጥ ወይም ሠራተኛ ቢጨመር ምን ይሆናል ብሎ መፈተን ጥሩ ሥራ ነው። በጀቱ ሲጸድቅ ሴሎቹ ይቆለፉ፤ የእያንዳንዱ ወጪ ማካፈያ፣ መረጃው የሚወሰድበት መዝገብና ምክንያቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ የክፍል ኃላፊዎቹ ይፈርሙበት። በዓመቱ መካከል ለውጥ ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ክፍሎች ቦታ ቢለዋወጡ፣ ያለፉት ወራትም በአዲሱ ማካፈያ ተሠርተው ከአሮጌው ጎን ለጎን ይቅረቡ፤ የውጤቱ ለውጥ ስንቱ ከሥራ፣ ስንቱ ከስሌት እንደመጣ አንባቢው ይለየዋል። የኃላፊዎች የዓመት መጨረሻ ማበረታቻም መሰላት ያለበት ክፍሉ ካስገባው ላይ የራሱ ወጪና በአጠቃቀሙ ልክ የተጻፈበት ሲቀነስ በሚቀረው ነው እንጂ ካልተከፋፈለው 470 ሺህ በታች ባለው መስመር አይደለም። ያልተከፋፈለው ወጪ የዋና ሥራ አስኪያጁና የቦርዱ ነው፤ ስለ እሱም የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው።